የተመለሰው ካርቶን በስንት ብር ይግባ?

(አዳማ ላይ የግንባታ ዕቃ ለሚነግዱ ሰዎችና ለሂሳብ ሠራተኞቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። ሲጻፍ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፤ ከአዳራሹ የተነሱትን ጥያቄዎች ግን አላወጣኋቸውም።)

እንደምን አላችሁ። ብዙዎቻችሁ ሱቅ ዘግታችሁ ነው የመጣችሁት፣ ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ደንበኛ ዕቃ ሲመልስ ክሬዲት ኖት ይቆረጥለታል። ይሄን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደንበኛው ዕዳው ይቀነስለታል፣ ሽያጩ ይቀንሳል፣ ቫቱም ይቀንሳል። ወረቀቱ ይፈረማል፣ ደንበኛው ይሄዳል፣ ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል። ግን ሲሸጥ ሁለት ነገር ነው የተመዘገበው፤ አንዱ ገቢው፣ ሌላው ከስቶር የወጣው ዕቃ ወጪ። ሲመለስም ሁለቱ መመለስ አለባቸው። የመጀመሪያውን ማንም አይረሳም፣ ምክንያቱም ደንበኛው ቆሞ ይጠይቃል። ሁለተኛውን የሚጠይቅ የለም። ዛሬ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻ እንሂድ። ሴራሚክ ይሁን፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ሴራሚክ የሚሸጥ ሰው ተመላሽ የማያይበት ወር የለም። ኮንትራክተር ሁልጊዜ ትርፍ አድርጎ ነው የሚያዝዘው፣ ለሚሰበረውና ለሚቆረጠው ብሎ። የተረፈውን ደግሞ ይመልሳል።

አከፋፋያችን ስቶር ውስጥ 300 ካርቶን አለው፣ እያንዳንዱ በ900 ብር የገባ። ወንጂ መንገድ ላይ እንግዳ ማረፊያ ለሚሠራ ኮንትራክተር 100 ካርቶን በዱቤ ይሸጥለታል፣ ካርቶኑን ከቫት በፊት በ1,200 ብር። ሽያጩ 120,000 ብር ነው፣ ቫቱ 15 በመቶ ስለሆነ 18,000፣ ኮንትራክተሩ ያለበት ዕዳ 138,000 ብር። በዚያው ቀን ከክምችት 90,000 ብር ወጥቶ ወደ ተሸጠ ዕቃ ወጪ ይገባል። ያልተጣራ ትርፉ 30,000 ብር ነው። እስካሁን ምንም ከባድ ነገር የለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮንትራክተሩ 20 ካርቶን በአይሱዙ ጭኖ ይመልሳል። ክሬዲት ኖቱ ለ24,000 ብር ሽያጭና ለ3,600 ብር ቫት ይቆረጣል፣ ድምሩ 27,600። የድሮው ደረሰኝ አይቀደድም፣ አይሰረዝም፤ ከካሽ ሬጅስተር የወጣ ደረሰኝማ በማሽኑ ማኅደር ውስጥ ቀርቷል፣ ብትፈልጉም አታጠፉትም። ክሬዲት ኖቱ ላይ ግን የድሮው ደረሰኝ ቁጥርና ቀን መጻፍ አለበት፣ የገዢው ግብር ከፋይ ቁጥርና የተመለሰበት ምክንያትም እንዲሁ። ቫቱን የምትቀንሱት ዕቃው በተመለሰበት ወር ማስታወቂያ ላይ ነው፣ ያለፈውን ወር ከፍታችሁ አትነካኩም። ገዢውም ቫት ተመዝጋቢ ከሆነ አስቀድሞ ያቀናነሰውን 3,600 ብር በበኩሉ መመለስ አለበት። እናንተ ቀንሳችሁ እሱ ካልቀነሰ የሁለታችሁ ማስታወቂያ አይገጥምም፣ ጥያቄም የሚነሳው ከዚያ ነው።

ምዝገባው እንግዲህ እንዲህ ነው። የሽያጭ ተመላሽ ዴቢት 24,000፣ የሚከፈል ቫት ዴቢት 3,600፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ ክሬዲት 27,600። «ለምን ሽያጩን በቀጥታ አንቀንስም?» የሚል ሰው አለ። መቀነስ ይቻላል፣ ውጤቱ ያው ነው። ግን የተመላሽ ሂሳብ ለብቻው ካልተያዘ በዓመቱ መጨረሻ ምን ያህል ዕቃ እንደተመለሰባችሁ አታውቁም፣ ወደ መጨረሻ ላይ የማሳያችሁን ቁጥጥርም መሥራት አትችሉም።

ሁለተኛው ምዝገባ፤ ክምችት ዴቢት 18,000፣ የተሸጠ ዕቃ ወጪ ክሬዲት 18,000። ሃያ ካርቶን በ900 ብር። በቃ። አንድ መስመር ናት።

ይቺ አንድ መስመር ስትረሳ ምን ይሆናል? ቁጥሩን እንየው። ሽያጩ ከተመላሽ በኋላ 96,000 ብር ሆኗል። ወጪው ግን እንደነበረ 90,000 ላይ ቆሟል። ትርፉ 6,000 ብር ይላል። እውነተኛው ትርፍ ደግሞ 80 ካርቶን ሲሸጥ በካርቶን 300 ብር ነውና 24,000 ነው። 18,000 ብር ትርፍ ከመጽሐፉ ጠፋ ማለት ነው፣ ባለቤቱም «ዘንድሮ ሴራሚክ አያዋጣም» ብሎ ዋጋ ሊጨምር ወይም ንግዱን ሊተው ይችላል።

ትርፉ ግን ትንሹ ጣጣ ነው። ትልቁ ስቶር ውስጥ ነው ያለው። ሃያው ካርቶን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ መጽሐፉ ግን አያውቀውም። መጽሐፉ የማያውቀው ዕቃ ደግሞ ቢጠፋ ማንም አያጣውም። ቆጠራ ሲመጣ ስቶር ኪፐሩ ካርዱ ላይ ካለው ጋር የሚገጥም ቁጥር ማሳየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ የተረፈው ሃያ ካርቶን በባጃጅ ተጭኖ ቢወጣ ቆጠራው ልክ ይመጣል። ሰዉ ሁሉ ጉድለት ሲያይ ይደነግጣል፣ ትርፍ ሲያይ ግን «እሰይ» ይላል። እኔ ትርፍ ሳይ ነው የምደነግጠው።

ኋላ የተቀመጡ አንድ ጋሼ እጃቸውን አውጥተው «እኛ እንደዚህ በየቀኑ ወጪ አንመዘግብም፣ ዓመቱ ሲያልቅ ቆጥረን ነው የምናወጣው፤ ታዲያ ይሄ እኛን ይመለከታል?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዓመት አንዴ ቆጥሮ ወጪውን ለሚያወጣ ሰው ሁለተኛዋ መስመር አታስፈልግም፣ ምክንያቱም የተመለሰው ካርቶን በቆጠራው ውስጥ ራሱ ይገባና ወጪውን ይቀንሰዋል። ግን ልብ ይበሉ ጋሼ፣ ይህ የሚሠራው ካርቶኑ በቆጠራው ቀን እዚያው ካለ ነው። ከጠፋ መጥፋቱን የሚነግርዎ ነገር የለም፤ የጠፋው እንደተሸጠ ተቆጥሮ ወጪ ውስጥ ይገባል።

በኮምፒውተር ፕሮግራም የምትሠሩ ደግሞ «ፕሮግራሙ ራሱ ያደርገዋል» ትላላችሁ። አዎ፣ ዕቃውን በኮዱ ከመረጣችሁት ያደርገዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማየው ምንድነው፣ ሠራተኛው ይቸኩልና የዕቃውን ኮድ ባዶ ትቶ መግለጫው ላይ «የተመለሰ ሴራሚክ 20 ካርቶን» ብሎ ይጽፋል፣ 24,000 ብር ያስገባል፣ ያትማል። የሚታተመው ወረቀት ፍጹም ትክክል ይመስላል። ፕሮግራሙ ግን የትኛው ዕቃ እንደሆነ ስላልተነገረው ስቶኩንም ወጪውንም አልነካም። ሂሳቡን የሚያበላሸው ዓይን የማያየው ይሄ ባዶ ቦታ ነው። ካስገባችሁ በኋላ የዕቃውን የስቶክ ዝርዝር ክፈቱ፤ ሃያው ካርቶን ገብቶ ካላያችሁት ሥራው አላለቀም።

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ። በስንት ብር ነው የሚገባው? «900 አልክ እኮ» ትሉኛላችሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል ሆኖ አይመጣም፣ ምክንያቱም በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ አከፋፋያችን ሌላ ሸቀጥ አስገብቷል።

ከሽያጩ በኋላ 200 ካርቶን በ900 ብር ቀርቶት ነበር፣ ማለትም 180,000 ብር። ከዚያ 100 ካርቶን በ1,050 ገዛ፣ 105,000 ብር። አሁን 300 ካርቶን አለው፣ ዋጋው 285,000፣ አማካዩ 950 ብር። በአማካይ ዋጋ ለሚሠራ ሰው ዛሬ ካርቶን ቢሸጥ ወጪው 950 ነው። ተመላሹ ሲመጣስ? ብዙ ሰው ዛሬ ካርዱ ላይ ያለውን አማካይ አይቶ በ950 ያስገባል። ሃያ ጊዜ 950 ማለት 19,000 ነው።

ችግሩ ይታያችሁ። እነዚህ ካርቶኖች ሲወጡ ወጪ ተብሎ የተመዘገበው 18,000 ብር ነው። ሲመለሱ 19,000 ከቀነሳችሁ ዕቃ በመመለሱ ብቻ 1,000 ብር አተረፋችሁ ማለት ነው! የቀረው 80 ካርቶን ወጪ 72,000 መሆን ሲገባው 71,000 ይሆናል። ማንም ምንም አልሸጠም፣ ትርፍ ግን ተወለደ። ዋጋ በየጊዜው በሚጨምርበት አገር ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው የሚያጋድለው፣ ትርፉ ይጋነናል፣ በተጋነነው ትርፍ ላይ ደግሞ ግብር ይከፈላል።

ስለዚህ ተመላሽ የሚገባው በወጣበት ዋጋ ነው። ለዚህ ነው ክሬዲት ኖቱ ላይ የድሮውን ደረሰኝ ቁጥር ጻፉ የምለው፤ ለግብር ቢሮ ብቻ አይደለም፣ ያ ቁጥር ከሌለ ዕቃው በስንት እንደወጣ ተመልሳችሁ ማየት አትችሉም። ሃያው ካርቶን በ900 ሲገባ ስቶኩ 320 ካርቶን፣ ዋጋው 303,000 ይሆናል፣ አማካዩም 947 ብር አካባቢ ወርዶ ይቀጥላል። ይሄ ምንም ችግር የለውም፣ ርካሽ ካርቶን ስለተጨመረ ነው የወረደው። ፕሮግራማችሁ በየትኛው ዋጋ እንደሚያስገባ ደግሞ በግምት አትለፉት፤ አንድ ተመላሽ አስገብታችሁ የገባበትን ዋጋ ከወጣበት ጋር አስተያዩ። አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

እስካሁን የተመለሰው ሁሉ ደህና ነው ብለን ነው። ሴራሚክ ግን ደህና ሆኖ አይመለስም፣ ታውቁታላችሁ። ሃያው ካርቶን ሲከፈት 15ቱ እንዳለ ነው፣ 5ቱ ግን ዝናብ መትቶት ካርቶኑ ረጥቧል፣ ጥቂት ጥቂት ተሰብሯል።

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ የሂሳብ አይደለም፣ የድርድር ነው። ማን ነው ያበላሸው? ኮንትራክተሩ ከሆነ ለአምስቱ ሙሉ ዋጋ መመለስ የለባችሁም፤ ወይ አልቀበልም ትላላችሁ፣ ወይ በቅናሽ ትቀበላላችሁ። ክሬዲት ኖቱ ከመቆረጡ በፊት ነው ይሄ የሚያልቀው። ስለዚህ ካርቶኑ ሳይከፈትና ሳይቆጠር ወረቀት አይቆረጥም። ሹፌሩ ቸኩሏል፣ ኮንትራክተሩ ስልክ ላይ ነው፣ «አንተ ቁረጥለት በኋላ እናያለን» የምትባለዋ ቃል ናት ገንዘብ የምታስበላው።

አከፋፋያችን ግን ትልቅ ደንበኛ ነው፣ አላስቀይመውም ብሎ በሙሉ ዋጋ ተቀበለ እንበል። ይሁን፣ የንግድ ውሳኔ ነው። ደንበኛው 27,600 ብሩ ይቀነስለታል። አምስቱ ካርቶን ግን በ900 ብር እንደ ደህና ዕቃ ስቶክ ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም። የሂሳብ ደረጃው የሚለው ግልጽ ነው፤ ክምችት የሚያዘው ከወጣበት ዋጋና ተሽጦ የማሸጊያና የመሸጫ ወጪው ተቀንሶ ከሚያስገኘው ገንዘብ ባነሰው ነው። ስብርባሪውን ለቅሞ፣ እንደገና አሽጎ፣ ለመታጠቢያ ቤት ወለል ለሚፈልግ ሰው ካርቶኑን በ400 ብር መሸጥ ይቻላል እንበል፣ ማሸጊያውና ጉልበቱ 50 ብር። የሚያስገኘው 350 ብር ነው። ከ900 እስከ 350 ያለው 550 ብር፣ ለአምስት ካርቶን 2,750 ብር፣ አሁኑኑ ወጪ ይሆናል። የተሸጠ ዕቃ ወጪ ዴቢት 2,750፣ ክምችት ክሬዲት 2,750። እውነተኛው ትርፍ እንግዲህ 24,000 ሳይሆን 21,250 ነው።

ይሄንን ሁለት እርምጃ አድርጋችሁ መዝግቡት። መጀመሪያ ሃያውም በ18,000 ይግባ፣ ከዚያ የአምስቱ ጉዳት ለብቻው ይመዝገብ። አንድ ላይ አጣፍታችሁ 15,250 ብቻ ብታስገቡ ድምሩ ያው ይመጣል፣ ግን ዓመቱ ሲያልቅ በብልሽት ስንት ብር እንደከሰራችሁ አታውቁም። አምስቱ ካርቶን ደግሞ ሌላ ኮድ ይሰጣቸው፣ ሌላ ቦታም ይቀመጡ። ከደህናው ጋር ከተደባለቁ አንድ ቀን ለሌላ ደንበኛ ይጫናሉ፣ ያም ደንበኛ ይመልሳቸዋል።

ስለ ሴራሚክ አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ያላችሁት ሻጮች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ ግን ሂሳብ ሠራተኞቹ ይስሙ። ካርቶኑ ላይ የምርት ቁጥር አለ። አንድ ዓይነት ሴራሚክ ሆኖ የምርት ቁጥሩ የተለያየ ከሆነ ቀለሙ በትንሹ ይለያል፤ ወለል ላይ ጎን ለጎን ሲነጠፍ ያስታውቃል። የተመለሰው 15 ካርቶን ያልተነካ ቢሆንም፣ ስቶር ውስጥ የቀረው ሁሉ በሌላ ቁጥር የመጣ ከሆነ፣ 15ቱ ለትልቅ ቤት አይበቃም፣ ከሌላው ጋርም አይቀላቀልም። ለትንሽ ክፍል ብቻ የሚሆን ቁራጭ ሆነ። በ1,200 የሚገዛው ካለ ችግር የለም፤ በ850 ካልሆነ አይሄድም ከተባለ ግን በ900 መያዙ ትክክል አይደለም። ይሄንን ሂሳብ ሠራተኛው ቢሮ ተቀምጦ አያውቀውም፣ ስቶር ወርዶ መጠየቅ አለበት።

አንዲት እህት «የአይሱዙውን የመመለሻ ኪራይ እኛ ብንከፍልስ፣ ካርቶኑ ዋጋ ላይ እንጨምረው?» ብላ ጠየቀች። አይጨመርም። ካርቶኑ አንዴ ስቶር ደርሶ ዋጋው ታውቋል፤ ወንጂ ደርሶ በመመለሱ ዋጋው አልጨመረም። የማከፋፈያ ወጪ ተብሎ በወሩ ይመዘገባል።

ሌላ ዓይነት ክሬዲት ኖትም አለ፣ ከዚህ ጋር የሚምታታ። ዕቃው አይመለስም፣ ደንበኛው ግን «ጠርዙ ተሸርፏል፣ ቅናሽ አድርግልኝ» ይላል፣ እናንተም በካርቶን 100 ብር ትቀንሱለታላችሁ። ክሬዲት ኖት ይቆረጣል፣ ሽያጭና ቫት ይቀንሳል። ስቶክ ግን አይነካም፣ ወጪም አይነካም፣ ካርቶኑ እሱ ጋር ነዋ። እዚህ ላይ ሁለተኛዋን መስመር የሚመዘግብ ሰው የሌለ ዕቃ ስቶክ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ የዋጋ ቅናሽ የራሱ ሂሳብ ይኑረው፣ ከተመላሽ ጋር አይቀላቀል። ለምን እንደምጨቀጭቃችሁ አሁን ይገባችኋል።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ሰኔ አንድ ነገር። ሽያጩ ሰኔ 20 ቢሆንና ሃያው ካርቶን ሐምሌ 11 ቢመለስ፣ ክሬዲት ኖቱ የሐምሌ ነው፣ ቫቱም የሐምሌ። ትርፉ ግን? ይሄ ኮንትራክተር ሁልጊዜ ከመቶ ሃያ ያህል እንደሚመልስ ከልምድ ታውቃላችሁ። ሰኔ 30 ላይ መቶውንም እንደተሸጠ ቆጥሮ ዓመቱን መዝጋት የማይጸና ትርፍ ማወጅ ነው። በዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ የሚሠራ ድርጅት ሰኔ 30 ላይ ከሽያጩ 24,000 ብር ቀንሶ የሚመለስ ገንዘብ ዕዳ ብሎ ይይዛል፣ ከወጪው ደግሞ 18,000 ብር ቀንሶ ዕቃውን የማስመለስ መብት ብሎ በሀብት በኩል ያስቀምጣል። ካርቶኑ ሐምሌ ላይ ሲመጣ መብቱ ወደ ክምችት ይዞራል፣ ዕዳውም ከተሰብሳቢው ጋር ይጣፋል። ይሄ 18,000 ብር ሰኔ 30 ላይ ክምችት አይባልም፣ ቆጠራ ውስጥም አይገባም፤ ዕቃው ገና ወንጂ ነው ያለው።

እሺ፣ አሁን ቁጥጥሩ። ኮንትራክተሩ 27,600 ብር በጥሬው አምጥቶ ለሠራተኛችሁ ሰጠ እንበል። ሠራተኛው ብሩን ኪሱ ከተተና የሃያ ካርቶን ተመላሽ ብሎ ክሬዲት ኖት ቆረጠ። የደንበኛው ዕዳ ንጹሕ ሆነ፣ ስለዚህ ደንበኛው አይጮህም። ክሬዲት ኖቱ ላይ የዕቃውን ኮድ ካስገባ በቆጠራ ሃያ ካርቶን ይጎድላልና ይያዛል። ብልጥ ከሆነ ግን ኮዱን ባዶ ይተወዋል፤ ያኔ ስቶኩ ልክ ነው፣ ተሰብሳቢው ልክ ነው፣ ሁሉም ሰላም። ያቺ ቅድም በችኮላ ትረሳለች ያልኳችሁ መስመር፣ እዚህ ሆን ተብላ ትረሳለች።

የሚይዘው ነገር ቀላል ነው። በወሩ መጨረሻ የሽያጭ ተመላሽ ሂሳቡን ድምር ውሰዱ፣ ከተመላሽ ወደ ስቶክ የገባውን የወጪ ድምር ጎን አስቀምጡ። ሴራሚካችን በ1,200 የሚሸጥ በ900 የገባ ነው፣ ስለዚህ 24,000 ብር ተመላሽ ካለ 18,000 ብር ገደማ ወደ ስቶክ መግባት አለበት፣ ከመቶ ሰባ አምስት። ተመላሹ 48,000 ሆኖ የገባው 18,000 ብቻ ከሆነ የሆነ ክሬዲት ኖት ዕቃ ሳይዝ ነው የተቆረጠው። የዋጋ ቅናሹ ለብቻው ከተያዘ ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም፤ ከተቀላቀለ ግን «እሱ እኮ ቅናሽ ነው» ይባልና ይታለፋል።

ልዩነት ስታገኙ ክሬዲት ኖቶቹን አንድ በአንድ አውጡና ከስቶር መረከቢያ ወረቀት ጋር አገናኙ። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ ክሬዲት ኖት የመረከቢያውን ቁጥር ይያዝ፣ መረከቢያውን ስቶር ኪፐሩ ይፈርም፣ ክሬዲት ኖቱን ደግሞ ገንዘብ የማይነካ ሰው ያጽድቅ። ሱቁ ትንሽ ከሆነና ሰው ከሌለ ባለቤቱ ራሱ ያጽድቅ። መረከቢያ ያልተገኘለት ክሬዲት ኖት ካለ ወደ ደንበኛው ደውሉ፣ ግን «ዕቃ መልሰህ ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ያለብህ ቀሪ ዕዳ ስንት ነው፣ መጨረሻ የከፈልከውስ መቼ ነው?» በሉት። ከፍሎ ከሆነ ቀኑንና ብሩን ራሱ ይነግራችኋል።